የኃይሉ መጻሕፍት መደብር የት ነው?

በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ አሥራ አንደኛዋን ክፍለ ከተማ አገኘች። ለሚ ኩራ የተባለው ይህ ክፍለ ከተማ የተመሠረተው ከቦሌና ከየካ በተወሰደ መሬት በመሆኑ፣ ከቤታቸው ንቅንቅ ሳይሉ አድራሻቸው የተለወጠ ነዋሪዎችና ነጋዴዎች ብዙ ናቸው። ሰሚት አካባቢ ያለ ሱቅ እዚያው በነበረበት ቆሞ፣ ከቦሌ ወደ ለሚ ኩራ ተዛወረ። እነዚህን ሱቆች በደንበኝነት የመዘገበ ድርጅት ሁሉ በዚያ ወቅት አንድ ሥራ ተጨምሮበታል፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ «ቦሌ» የተባለውን ፈልጎ «ለሚ ኩራ» ማለት።

ሥራው የአንድ ደቂቃ ይመስላል። በእርግጥ የአንድ ደቂቃ ይሁን ወይስ የወራት ራስ ምታት፣ የሚወሰነው መረጃው ቀድሞ በተቀመጠበት መንገድ ነው።

ለምሳሌ ያህል መርካቶ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ በጅምላ የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት እናስብ። ሽያጩን የሚመዘግበው በአንድ ሰፊ ሠንጠረዥ ነው። ደረሰኝ በተቆረጠ ቁጥር የደንበኛው ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ወይም ቲኑ፣ ክፍለ ከተማው፣ የወሰደው ዕቃ፣ ብዛቱና ነጠላ ዋጋው በአንድ ረድፍ ይሰፍራል። ከዚያ መዝገብ አምስት ረድፎች ብቻ ቢወሰዱ ይህን ይመስላሉ፤ ከቲኑ የሚታዩት የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች ናቸው።

```
ደረሰኝ | ደንበኛ       | ቲን  | ክ/ከተማ | ዕቃ      | ብዛት | ዋጋ
1041  | ኃይሉ መጻሕፍት | 417 | ቦሌ    | ደብተር    | 200 | 25
1041  | ኃይሉ መጻሕፍት | 417 | ቦሌ    | እስክሪብቶ | 500 | 8
1078  | ኃይሉ መጻሕፍት | 417 | ቦሌ    | ደብተር    | 150 | 28
1102  | ሀይሉ መጻሕፍት | 417 | ቦሌ    | ማርከር    | 40  | 30
1115  | ሰላም ጽሕፈት  | 902 | የካ    | ደብተር    | 300 | 28
```

ለዓይን ምንም ችግር የለበትም። እንዲያውም ሁሉም ነገር አንድ ቦታ ስለሚታይ ምቹ ነው፤ ብዙ የንግድ ቤቶች በኤክሴል የሚጀምሩትም እንዲህ ነው። አሁን ኃይሉ መጻሕፍት መደብር ሰሚት ነው እንበል። ክፍለ ከተማው ሲለወጥ የሒሳብ ሠራተኛዋ ይህን ትእዛዝ ትሰጣለች።

```sql
UPDATE sales
SET subcity = 'ለሚ ኩራ'
WHERE customer = 'ኃይሉ መጻሕፍት';
```

ኮምፒውተሩ ሦስት ረድፍ መቀየሩን ይነግራታል። ሥራው አልቋል ብላ ወደ ሌላ ጉዳይ ታልፋለች። ነገር ግን አራተኛው ረድፍ፣ ደረሰኝ 1102፣ እንዳለ ቀርቷል። ያን ቀን ደረሰኙን የጻፈው ሌላ ሰው ነበር፤ በ«ኃ» ፈንታ «ሀ» መታ። ለአማርኛ አንባቢ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን «ኃ» እና «ሀ» ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ያሏቸው ሁለት ፊደሎች ስለሆኑ፣ በተለመደው አሠራር ሁለቱን ስሞች አንድ አያደርጋቸውም። «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ባሉበት ቋንቋ ይህ የዕለት ተዕለት ነገር ነው።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ድርጅቱ አንድ ደንበኛ ሁለት አድራሻ አለው። ዕቃ የሚያደርሰው ሾፌር ዝርዝሩን የሚያወጣው ከመጨረሻው ደረሰኝ ከሆነ ደንበኛው ቦሌ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከ1078 ላይ ካየ ለሚ ኩራ ነው። በክፍለ ከተማ የተከፋፈለ የሽያጭ ሪፖርት ሲወጣ ደግሞ መደብሩ በሁለቱም ይቆጠራል፤ የማርከሩ 1,200 ብር ቦሌ ላይ ይደመራል፣ የቀረው ለሚ ኩራ ላይ። ከሁሉ የሚከፋው፣ ማንኛው እውነት እንደሆነ መዝገቡን ራሱን በመጠየቅ ማወቅ አለመቻሉ ነው። አንደኛው ረድፍ ከሌላው የሚበልጥበት ሥልጣን የለውም። ሰው ስልክ ደውሎ «የት ናችሁ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ጥፋቱን በሠራተኛዋ ወይም «ሀ» ብሎ በመታው ሰው ላይ መጣል የተለመደ ቢሆንም ፍትሐዊ አይደለም። መደብሩ ያለበት ክፍለ ከተማ አንድ እውነት ነው፤ ሠንጠረዡ ግን አንዱን እውነት አራት ጊዜ እንዲጻፍ አስገድዷል። አራት ቦታ የተጻፈ ነገር አራት ቦታ መታረም አለበት፤ አራት መቶ ደረሰኝ ሲሆን አራት መቶ ቦታ። ጥንቃቄ አደጋውን ይቀንሰው እንደሆነ እንጂ አያጠፋውም።

ያው ሠንጠረዥ ሌሎች ሁለት ችግሮችም አሉበት። ድርጅቱ አዲስ የቀለም ዓይነት አስመጥቶ ገና አንድም ካልሸጠ፣ ዕቃውን የሚመዘግብበት ቦታ የለውም፤ ረድፍ የሚከፈተው ደረሰኝ ሲቆረጥ ብቻ ነውና። በተቃራኒው ደረሰኝ 1102 በስህተት የተቆረጠ ሆኖ ቢሰረዝ፣ ድርጅቱ ማርከር የሚባል ዕቃ እንዳለው የሚናገረው ብቸኛ ረድፍ አብሮ ይጠፋል። ሽያጭን ለመሰረዝ የገባ ሰው ሳያስበው ስለ ዕቃው የነበረውን መረጃ ሰርዞ ይወጣል።

እነዚህን ሦስት ችግሮች፣ ማለትም በማረም፣ በማስገባትና በመሰረዝ ጊዜ የሚፈጠረውን መዛባት፣ ሥርዓት ባለው መንገድ ያጠናው ኤድጋር ፍራንክ ኮድ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ተወልዶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪ የነበረው ይህ የሒሳብ ሰው፣ ኋላ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ በሚገኘው የአይቢኤም የምርምር ማዕከል ይሠራ ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩት ትልልቅ የመረጃ ሥርዓቶች መረጃን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አንዱን ከሌላው ሥር ሰቅለው የሚያስቀምጡ ነበሩ፤ ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው ወደ አንድ መረጃ ለመድረስ መንገዱን ከሥር እስከ ጫፍ ማወቅ ነበረበት። ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ሁሉም መረጃ በቀላል ሠንጠረዦች ሊቀመጥ እንደሚችልና ሠንጠረዦቹም በውስጣቸው ባለው ዋጋ ብቻ ሊገናኙ እንደሚችሉ አሳየ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ደግሞ ሠንጠረዦቹ እንዴት ቢከፈሉ ከላይ የተጠቀሱት መዛባቶች እንደሚወገዱ በደረጃ አስቀመጠ። ይህ አከፋፈል ነው ኖርማላይዜሽን የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ1981 በኮምፒውተር ሳይንስ ከፍተኛ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት አግኝቷል።

የኮድ ሐሳብ የቆመው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ምን ከታወቀ ምን ይታወቃል? ባለሙያዎቹ ጥገኝነት ይሉታል። በመርካቶው መዝገብ ላይ ጥያቄው አንድ በአንድ ሲነሣ መልሱ ይህ ነው። ቲኑ ከታወቀ የደንበኛው ስምና ክፍለ ከተማው ይታወቃሉ። የደረሰኝ ቁጥሩ ከታወቀ ለማን እንደተቆረጠ ይታወቃል። የደረሰኝ ቁጥሩና ዕቃው አንድ ላይ ከታወቁ ስንት እንደተሸጠና በስንት እንደተሸጠ ይታወቃል፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ግን አይበቃም፣ በአንድ ደረሰኝ ላይ ብዙ ዕቃ፣ አንዱም ዕቃ በብዙ ደረሰኝ ላይ አለና።

እንግዲህ የሰፊው ሠንጠረዥ እያንዳንዱ ረድፍ የሚለየው በደረሰኝና በዕቃ ጥምረት ነው፤ ቁልፉ እሱ ነው። የደንበኛው ስም ግን በዕቃው ላይ ምንም ጥገኝነት የለውም፣ ደረሰኙ ብቻውን ይወስነዋል። በቁልፉ ግማሽ ብቻ የሚወሰን ነገር ከሙሉው ቁልፍ ጋር ሲቀመጥ መደጋገሙ አይቀርም፤ 1041 ላይ ስሙ ሁለት ጊዜ የተጻፈው ለዚህ ነው። ይህን የሚያስተካክለው ሁለተኛው ደረጃ ይባላል። ክፍለ ከተማው ደግሞ ከደረሰኙም የራቀ ነው፤ ደረሰኙ ደንበኛውን ይጠቁማል፣ ደንበኛው ክፍለ ከተማውን ይወስናል። እንዲህ በሦስተኛ ወገን በኩል የሚመጣውን ጥገኝነት የሚያወጣው ሦስተኛው ደረጃ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ የሚጠይቀው ከሁሉ የቀለለውን ነው፤ በአንድ ሣጥን ውስጥ «ደብተር 200፣ እስክሪብቶ 500» ብሎ ሁለት ነገር አለማጨቅ። ከሦስተኛው በላይ ሌሎች ደረጃዎች ቢኖሩም ለአንድ የንግድ ቤት መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ይበቃል።

መዝገቡ በዚህ መሠረት ሲከፈል አራት ሠንጠረዥ ይወጣዋል፤ ደንበኞች፣ ዕቃዎች፣ ደረሰኞች፣ እና በየደረሰኙ ላይ የተሸጠው ዝርዝር። የሁለቱ አሠራር ይህን ይመስላል።

```sql
CREATE TABLE customers (
  customer_id INTEGER PRIMARY KEY,
  tin         TEXT UNIQUE,
  name        TEXT NOT NULL,
  subcity     TEXT NOT NULL
);

CREATE TABLE receipts (
  receipt_no  INTEGER PRIMARY KEY,
  issued_on   DATE NOT NULL,
  customer_id INTEGER NOT NULL
    REFERENCES customers (customer_id)
);
```

ደረሰኙ አሁን የደንበኛውን ስምም ክፍለ ከተማም አይዝም፤ የሚይዘው የደንበኛውን መለያ ቁጥር ብቻ ነው፣ 17 እንበል። `REFERENCES` የሚለው ቃል ደግሞ ጥበቃ ነው፤ በደንበኞች ሠንጠረዥ ውስጥ የሌለ ቁጥር ደረሰኝ ላይ ሊጻፍ ሲሞከር ዳታቤዙ አልቀበልም ይላል። የክፍለ ከተማው ለውጥ ሲመጣ የሚሰጠው ትእዛዝ አንድ ረድፍ ይነካል፤ ደረሰኞቹ አራት ይሁኑ አራት ሺህ፣ ሁሉም ወደዚያች አንዲት ረድፍ ስለሚያመለክቱ አድራሻው የሁሉም ሆኖ ይለወጣል። የሚረሳ ረድፍ የለም፤ የሚረሳ ቅጂ ስለሌለ። የ«ኃ» እና የ«ሀ» ጣጣም በደረሰኞቹ ላይ ያበቃል፣ ስሙ የሚጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነውና።

አንዳንዶች ኖርማላይዜሽንን የዲስክ ቦታ መቆጠቢያ አድርገው ያዩታል። ዲስክ ርካሽ በሆነበት ዘመን ታዲያ ምን ያደርጋል ይላሉ። ቦታ መቆጠቡ እውነት ነው፤ ግን ትርፍ ጥቅም ነው። ዋናው ነገር መዝገቡ ራሱን የሚቃረን ነገር ለመናገር የሚያስችል ቦታ እንዳይኖረው ማድረግ ነው። ክፍለ ከተማው አንድ ሣጥን ውስጥ ብቻ ከተጻፈ «ቦሌም ነው፣ ለሚ ኩራም ነው» ማለት አይቻልም። ሣጥኑ ስህተት ሊይዝ ይችላል፤ ቦሌ መባሉ ያረጀ መረጃ ሊሆን ይችላል። ያ ስህተት ግን በሁሉም ሪፖርት ላይ እኩል ስለሚታይ ቶሎ ይያዛል፣ ሲታረምም በአንድ ጊዜ ይታረማል።

መክፈሉ ግን እንዲሁ በመቀስ የሚሠራ አይደለም። የተከፈሉት ሠንጠረዦች ተመልሰው ሲጋጠሙ የመጀመሪያዎቹን ረድፎች ብቻ፣ ሳይጨምሩም ሳያጎድሉም መስጠት አለባቸው። አንድ ጀማሪ ደረሰኙ ላይ የደንበኛውን መለያ በመተው ክፍለ ከተማውን ብቻ ቢያስቀምጥና «በክፍለ ከተማው አገናኛቸዋለሁ» ቢል ምን ይመጣል? ነገ የካ ውስጥ ሁለተኛ ደንበኛ ሲመዘገብ፣ ደረሰኝ 1115 ሰላም ጽሕፈት ላይም አዲሱ ደንበኛ ላይም ይለጠፋል። ያልተፈጸመ ሽያጭ ተፈጠረ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ሠንጠረዦች የሚገናኙበት ዓምድ ቢያንስ ከሁለቱ በአንዱ ውስጥ ረድፉን ለይቶ የሚያሳውቅ ቁልፍ መሆን አለበት። ክፍለ ከተማ ደንበኛን አይለይም፤ የደንበኛ መለያ ቁጥር ይለያል።

ሌላው ወጥመድ ደግሞ ከልክ ባለፈ ጽዳት የሚመጣ ነው፤ እዚህ ላይ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ይወድቃሉ። በመዝገቡ ላይ የደብተር ዋጋ በየሽያጩ ተጽፏል፤ 25፣ 28፣ እንደገና 28። የዕቃዎች ሠንጠረዥ ተከፍቶ የደብተር የአሁን ዋጋ 28 ተብሎ ከተጻፈ በኋላ፣ «እንግዲያው ዋጋው ከሽያጭ ዝርዝሩ ይውጣ፣ መደጋገም ነው» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ደረሰኝ 1041 ግን ሲቆረጥ ሁለት መቶ ደብተር በ25፣ አምስት መቶ እስክሪብቶ በ8 ተሽጦ ድምሩ 9,000 ብር ነበር። ዋጋው ከዕቃዎች ሠንጠረዥ ብቻ እንዲነበብ ከተደረገ ያው ደረሰኝ 9,600 ብር ይላል። ሒሳቡን ጨርሶ የከፈለው ኃይሉ በአንድ ሌሊት የ600 ብር ባለዕዳ ሆኖ ያድራል።

ስህተቱ ሁለት የተለያዩ እውነቶችን አንድ ናቸው ማለቱ ነው። «ደብተር ዛሬ ስንት ይሸጣል?» የዕቃው ጉዳይ ነው፤ ነገ ይለወጣል። «ያን ቀን በስንት ተሸጠ?» የደረሰኙ ጉዳይ ነው፤ መቼም አይለወጥም። ሁለቱ በአጋጣሚ አንድ ቁጥር ሊይዙ ይችላሉ፤ አንዱ ሲለወጥ ሌላው መለወጥ ከሌለበት ግን መደጋገም አይባልም። አድራሻም እንዲሁ ይፈተናል። ደረሰኙ ላይ የሚፈለገው ደንበኛው ዛሬ ያለበት ቦታ ከሆነ በደንበኞች ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ጊዜ ይቀመጥ፤ ዕቃው ያን ቀን የወረደበት ቦታ ከሆነ ግን የደረሰኙ የራሱ ታሪክ ነውና እዚያው መጻፍ አለበት። ይህን የሚመልሰው ሶፍትዌሩ ሳይሆን ንግዱን የሚያውቀው ሰው ነው። ስለዚህ ሠንጠረዥ የሚነድፍ ባለሙያ የመጀመሪያ ሥራው ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው።

ኖርማላይዜሽን የማይከላከለው ነገርም አለ። ሠንጠረዡ የቱንም ያህል በደንብ ቢከፈል፣ አንድ ሠራተኛ «ኃይሉ»ን ፈልጎ ሲያጣው «ሀይሉ» ብሎ እንደ አዲስ ደንበኛ ሊመዘግበው ይችላል። ያን ጊዜ አንድ መደብር 17 እና 52 የሚሉ ሁለት መለያዎች ይኖሩትና ቅራኔው በሌላ በር ይመለሳል። በንድፉ ላይ ቲኑ `UNIQUE` የተባለው ለዚህ ነው፤ 417 የሚያበቃው ያው ቲን ሁለተኛ ጊዜ ሲገባ ዳታቤዙ ይከለክላል። ቲን የሌለው ደንበኛ ሲያጋጥም ሣጥኑ ባዶ እንዲቀር መፍቀድ ይሻላል። ግድ ይሞላ ከተባለ ሠራተኛው የፈጠራ ቁጥር ይጽፋል፤ የፈጠራ ቁጥር ደግሞ ከባዶ ሣጥን ይከፋል።

በተጠራቀመ መዝገብ ላይ ቅራኔ መኖሩን ለማወቅ ለረጅም ጊዜ ማፍጠጥ አያስፈልግም። አንድ ብቻ መሆን ያለበት ነገር ስንት ሆኖ እንደተጻፈ መጠየቅ በቂ ነው።

```sql
SELECT tin, COUNT(DISTINCT subcity)
FROM sales
GROUP BY tin
HAVING COUNT(DISTINCT subcity) > 1;
```

ከአንድ በላይ ክፍለ ከተማ የተጻፈለት ቲን ሁሉ ይዘረዘራል፤ በምሳሌው መዝገብ 417 ይወጣል። `subcity` በሚለው ፈንታ `customer` ቢገባ ደግሞ በሁለት ፊደል የተጻፉት ስሞች ይወጣሉ። የተገኘውን ቅራኔ በግምት መፍታት፣ ለምሳሌ «ብዙ ጊዜ የተጻፈው ይሻላል» ብሎ መወሰን፣ አደገኛ ነው። ክፍለ ከተማው በተለወጠ ሰሞን ብዙ ጊዜ የተጻፈው አሮጌው ስም ነውና። ዝርዝሩ ታትሞ ለሽያጭ ክፍል ይሰጥና ለደንበኞቹ ይደወላል። ወደ አዲሶቹ ሠንጠረዦች የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ በመጀመሪያ ደንበኞችና ዕቃዎች፣ ቀጥሎ ደረሰኞች፣ በመጨረሻ የሽያጭ ዝርዝሩ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ `REFERENCES` የሚለው ጥበቃ ራሱ ያቆመዋል።

ከዚያ ሁሉ በኋላ ሥራ አስኪያጁ «ያ ሰፊው ሠንጠረዥ ይሻለኝ ነበር፣ ሁሉን በአንድ ገጽ አይበት ነበር» ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። አራቱን ሠንጠረዦች አጋጥሞ ያንኑ ሰፊ ገጽ የሚያሳይ ቪው የሚባል የተቀመጠ ጥያቄ ይዘጋጅለታል። ገጹ ለማየት ብቻ ነው፤ በውስጡ የራሱ የሆነ ቅጂ የለውም። ሽያጩ በሚሊዮን ሲቆጠርና ማጋጠሙ ሪፖርቱን ሲያዘገየው፣ አንዳንድ ድርጅቶች ማታ ማታ የሚሰላ የማጠቃለያ ሠንጠረዥ ይጨምራሉ። ይህ አውቆ የተደረገ መደጋገም ነው፤ የሚሠራውም ማንም በእጁ እስካላረመው፣ ሁልጊዜ ከመሠረቱ ሠንጠረዦች እንደገና እስከተሰላ ድረስ ነው።

ከድሮው ወደ አዲሱ የተደረገው ሽግግር ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠውም በዚሁ ሰፊ ገጽ ነው። በምሳሌው መዝገብ አምስት ረድፍ ነበር፤ ብዛቱ በዋጋው ተባዝቶ ሲደመር 22,800 ብር ይመጣል። አራቱ ሠንጠረዦች ተጋጥመው ሲወጡም አምስት ረድፍና 22,800 ብር መሆን አለበት። ረድፉ ከበዛ፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ዕቃ ወይም ቁልፍ ባልሆነ ዓምድ የተደረገ ግንኙነት አለ፤ ካነሰ ደግሞ ሳይገባ የቀረ ደረሰኝ ወይም ዝርዝር ይፈለጋል። ረድፉ ልክ ሆኖ ብሩ ከበለጠ፣ መጀመሪያ የሚመረመረው ዋጋው ከየትኛው ሠንጠረዥ እንደተነበበ ነው።